የአቴንዳንስ ፐርሰንት አሠራር፦ ተማሪው ፋይናል ይቀመጣል ወይስ አይቀመጥም?

በየሴሚስተሩ መጨረሻ ይኸው ጭቅጭቅ ይነሳል። መምህሩ "84 ነው ያለህ፣ አትቀመጥም" ይላል። ተማሪው በራሱ ቆጥሮ "86 አለኝ" ይላል። የሚገርመው ሁለቱም በትክክል አካፍለው ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚመጣው የሚካፈሉት ቁጥሮች ስለሚለያዩ ነው። አንዱ በክፍለ ጊዜ ይቆጥራል፣ ሌላው በሰዓት። አንዱ በኮርስ አውትላይኑ ላይ የታቀደውን ይወስዳል፣ ሌላው በእርግጥ የተሰጠውን።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምሩ ነው። የክፍል ተወካዮችና ፐርሰንታቸው ያሳሰባቸው ተማሪዎችም በዚሁ መንገድ ማስላት ይችላሉ። ምሳሌው የሚሠራው በ85 ፐርሰንት ዝቅተኛ ወለል ነው። የእናንተ ተቋም 75 ወይም 80 የሚል ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ቀይሩ፣ አሠራሩ ያው ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

አራት ነገር አጠገባችሁ ይኑር።

1. የተቋሙ የሴኔት ሌጅስሌሽን ወይም የተማሪዎች መመሪያ፣ ስለ አቴንዳንስ የሚናገረው አንቀጽ። ሰው የነገራችሁን አትያዙ፣ ጽሑፉን አንብቡ።
2. ከሬጅስትራር የወጣው የመጨረሻ የተማሪዎች ዝርዝር። አድ ኤንድ ድሮፕ ከማለቁ በፊት የወጣው ዝርዝር አያገለግልም።
3. የተፈረመባቸው ወይም ስም እየተጠራ የተሞሉ የአቴንዳንስ ወረቀቶች በሙሉ፣ የሜክአፕ ክላሶቹ ጭምር።
4. ተማሪዎች ያስገቡት የፈቃድና የሕመም ማስረጃ።

አንቀጹን ስታነቡ የአምስት ጥያቄዎች መልስ ፈልጉ። ወለሉ ስንት ነው? የሚቆጠረው በሰዓት ነው ወይስ በክፍለ ጊዜ? ላብና ሌክቸር ለየብቻ ናቸው? በፈቃድ የቀረ ሰዓት እንዴት ይታያል? ዘግይቶ የተመዘገበ ተማሪ ከመቼ ጀምሮ ይቆጠርለታል? መልስ ያጣችሁለትን ጥያቄ ለዲፓርትመንት ኃላፊው በጽሑፍ አቅርቡ። ይህን አሁን አድርጉት። የፈተናው ሳምንት ከደረሰ በኋላ የሚወጣ ትርጓሜ ሁሉ ለአንድ ተማሪ ተብሎ የወጣ ይመስላል።

## ደረጃ 1፦ በእርግጥ የተሰጠውን ሰዓት ቁጠሩ

አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ቀስ በሉ።

ባለ 3 ክሬዲት አወር ኮርስ እንውሰድ። ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ነው። ሰኞ 2 ሰዓት፣ ሐሙስ 1 ሰዓት ይሰጣል። በዕቅድ 48 ሰዓት ማለት ነው። በተግባር ግን አንድ ሰኞ በበዓል አለፈ፣ አንድ ሰኞ መምህሩ አልነበረም፣ አንድ ሐሙስ ደግሞ ስብሰባ ወሰደው። 5 ሰዓት ጎደለ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ የ2 ሰዓት ሜክአፕ ተሰጠ። ስለዚህ የተሰጠው 48 ሲቀነስ 5፣ ሲደመር 2፣ ማለትም 45 ሰዓት ነው።

ፐርሰንቱ የሚካፈለው ለ45 ነው። ለ48 አይደለም።

አሁን በዚህ ክፍል ያለች አንዲት ተማሪ ሦስት ሰኞና አንድ ሐሙስ ቀርታለች እንበል። የቀረችው 7 ሰዓት ነው፣ የተገኘችው 38። ይህችው ተማሪ በአራት ዓይነት አቆጣጠር አራት ውጤት ታገኛለች፦

- 38 ለ45፦ 84.4 ፐርሰንት። አትቀመጥም። ትክክለኛው የሰዓት አቆጣጠር ይህ ነው።
- 26 ክፍለ ጊዜ ለ30 ክፍለ ጊዜ፦ 86.7 ፐርሰንት። ትቀመጣለች።
- ከታቀደው 48 የቀረችውን 7 ቀንሰን፣ 41 ለ48፦ 85.4 ፐርሰንት። ትቀመጣለች።
- የተገኘችበትን 38 ለታቀደው 48 አካፍለን፦ 79.2 ፐርሰንት። አትቀመጥም።

ሦስተኛው አቆጣጠር ያልተሰጠን ክፍለ ጊዜ እንደተማረች ይቆጥርላታል። አራተኛው ደግሞ መምህሩ የቀረበትን ቀን የእሷ ጥፋት ያደርገዋል። ሁለቱም አይሆኑም። ሁለተኛው፣ የክፍለ ጊዜ አቆጣጠሩ፣ በራሱ ስህተት አይደለም። ግን የ2 ሰዓቱን ሰኞና የ1 ሰዓቱን ሐሙስ እኩል ያደርጋል። ስለዚህ መመሪያው "በክፍለ ጊዜ" ብሎ ካልጻፈ በቀር ሰዓት ቁጠሩ። የየቀኑ ርዝመት እኩል በሆነበት ኮርስ ግን በየትኛውም ብትቆጥሩ ውጤቱ አንድ ነው፣ አትጨነቁ።

ጥንቃቄ፦ መምህሩ መጥቶ ተማሪ ስላልነበረ የተበተነ ክፍለ ጊዜ አወዛጋቢ ነው። መምህሩ አቴንዳንስ ይዞ ከሆነ እንደተሰጠ ይቆጠራል ብዬ እይዛለሁ። ወረቀት ከሌለ ግን አታስገቡት፣ በኋላ ለሚከራከራችሁ ተማሪ መልስ አይኖራችሁም።

## ደረጃ 2፦ መዝገቡን በኤክሰል አዘጋጁ

በመጀመሪያው ረድፍ ቀኖቹን ጻፉ። በሁለተኛው ረድፍ በየቀኑ ሥር የተሰጠውን ሰዓት (2 ወይም 1) አስገቡ። ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ ተማሪዎቹ ይከተላሉ። በA ተራ ቁጥር፣ በB መታወቂያ ቁጥር፣ በC ስም ይግባ። ከD እስከ AG ያሉት 30 ዓምዶች የ30ው ክፍለ ጊዜ ናቸው። ላልተሰጠ ክፍለ ጊዜ ዓምድ አትክፈቱ።

በየሳጥኑ የ"ራይት" ምልክት አታድርጉ። ተማሪው የተገኘበትን ሰዓት በቁጥር አስገቡ። ሁለቱንም ሰዓት ከተገኘ 2፣ ከእረፍት በኋላ ከጠፋ 1፣ ጨርሶ ካልመጣ 0። እንዲህ ሲሆን ግማሹን ተምሮ የሄደ ተማሪ ራሱን የቻለ ቁጥር ያገኛል። የተረጋገጠ ፈቃድ ላለው `E` ጻፉ። ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት ለተሰጠ ክፍለ ጊዜ፣ መመሪያው እንዳይቆጠርበት የሚያዝ ከሆነ፣ `X` ጻፉ።

ባዶ ሳጥን አትተዉ። ባዶ ማለት ቀረ ማለት አይደለም፣ ገና አልተሞላም ማለት ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ መዝገብ ወረቀቱ የጠፋበትን ተማሪ ዝም ብሎ ከፈተና ያስወጣል።

## ደረጃ 3፦ ፎርሙላዎቹን አስገቡ

እነዚህን በመጀመሪያው ተማሪ ረድፍ (ረድፍ 3) ላይ ጻፉና ወደ ታች ጎትቷቸው።

```
AH3: =SUM(D$2:AG$2)-SUMIF(D3:AG3,"X",D$2:AG$2)
AI3: =SUM(D3:AG3)
AJ3: =AI3/AH3
AK3: =SUMIF(D3:AG3,"E",D$2:AG$2)
AL3: =COUNTBLANK(D3:AG3)
```

AH ለተማሪው የሚቆጠረው የተሰጠ ሰዓት ነው። AI የተገኘበት ሰዓት፣ AJ ፐርሰንቱ፣ AK በፈቃድ የቀረበት ሰዓት፣ AL ያልተሞላ ሳጥን ብዛት ነው። የዶላር ምልክቷን አትርሷት። እሷ ከሌለች ፎርሙላው ወደ ታች ሲጎተት የሰዓቱን ረድፍ ትቶ የሌላ ተማሪን ረድፍ ማንበብ ይጀምራል።

ከዚያ የውሳኔው ዓምድ፦

```
AM3: =IF(AL3>0,"ይጣራ",
 IF(AI3*100>=85*AH3,"ይቀመጣል",
 IF((AI3+AK3)*100>=85*AH3,"ፈቃድ ይታይ","አልሞላም")))
```

ለምን AJን ከ85 ጋር በቀጥታ አላወዳደርነውም? ፐርሰንት ላይ ማጠጋጋት ስላለ ነው። ዓምዱ ያለ ነጥብ ቤት እንዲታይ ከተደረገ 84.6 በስክሪኑ ላይ 85 ሆኖ ይታያል። መምህሩ ያንን አይቶ ያሳልፈዋል፣ ኤክሰሉ ግን "አልሞላም" ይላል፣ ግራ መጋባት ይጀምራል። ሙሉ ሰዓቶችን እያባዛን ስናወዳድር ውሳኔው የሚወጣው ከሰዓቱ እንጂ ከሚታየው ፐርሰንት አይደለም። ግራ መጋባቱ እንዳይመጣ የAJን ዓምድ በፐርሰንት ፎርማት፣ ሁለት ነጥብ ቤት እንዲያሳይ አድርጉት።

## ደረጃ 4፦ ወለሉን ወደ ሰዓት ለውጡ

ፐርሰንቱን ብቻ ይዛችሁ አትቅሩ። 45 በ0.85 ሲባዛ 38.25 ነው። ሩብ ሰዓት የሚባል የአቴንዳንስ መስፈሪያ የለንም። ስለዚህ ወደ ላይ ይነሳል፣ ቢያንስ 39 ሰዓት መገኘት ያስፈልጋል። በሌላ አነጋገር መቅረት የሚቻለው እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው።

የምሳሌዋ ተማሪ 38 አላት። የጎደላት አንድ ሰዓት ነው። "84.4 አለሽ" ከማለት "አንድ ሰዓት ጎደለሽ" ማለት ይሻላል። ለእሷም ይገባታል፣ ለእናንተም ስህተት ካለ ወዲያው ይታያል። የትኛው ሐሙስ እንደተዘለለ አብራችሁ ማየት ትችላላችሁ።

84.4ን ወደ 85 ከፍ አታድርጉ። መመሪያው "ይጠጋጋል" ካላለ አይጠጋጋም። ለአንዱ ካጠጋጋችሁ 84.5 ያለው ሁሉ በር ላይ ይሰለፋል።

## ደረጃ 5፦ ላብን ከሌክቸር ለዩ

ብዙ ተቋማት ለላብና ለተግባር ልምምድ ከሌክቸር ከፍ ያለ ወለል፣ አንዳንዴም ሙሉ መገኘት ይጠይቃሉ። መመሪያችሁ ለየብቻ ካለ ሁለት ሺት ክፈቱ። አንድ ላይ መደመር እንዴት እንደሚያሳስት እዩ። ሌክቸር 45 ሰዓት፣ ላብ 36 ሰዓት ተሰጥቷል። አንድ ተማሪ ላቡን በሙሉ ተገኝቶ ከሌክቸሩ 36 ሰዓት ብቻ ተማረ። የሌክቸሩ 80 ፐርሰንት ነው፣ ወለሉን አልሞላም። ሁለቱን ስትደምሩ ግን 72 ለ81 ይሆንና 88.9 ይወጣል። ላቡ የሌክቸሩን ጉድለት ሸፈነለት።

የቀረ ላብ ካለ ሜክአፕ ላብ መኖር አለመኖሩን ከላብ አሲስታንቱ ጠይቁ። እሱ የያዘውን መዝገብ ሳታዩ ውሳኔ አትስጡ።

## ደረጃ 6፦ ፈቃዱን ለብቻው መርምሩ

"ፈቃድ ይታይ" የሚል ውጤት የወጣላቸውን ብቻ ለዩ። ጊዜያችሁን እነሱ ላይ አጥፉ።

የምሳሌዋ ተማሪ ከቀረቻቸው ሦስት ሰኞዎች አንዱ በሕመም ነው፣ የሐኪም ወረቀት አላት። መመሪያው በፈቃድ የቀረን ሰዓት እንደተገኘ የሚቆጥር ከሆነ 40 ለ45፣ 88.9 ፐርሰንት ይሆናል። ከሚካፈልለት ላይ የሚቀነስ ከሆነ 38 ለ43፣ 88.4 ነው። ፈቃድ ቢኖርም እንደቀረ የሚቆጥር ከሆነ በ84.4 ትቀራለች፣ ጉዳይዋን የሚያየው ኮሚቴ ነው። የእናንተ ተቋም የትኛውን እንደሚከተል አንቀጹ ይነግራችኋል። በመካከላቸው በራሳችሁ መርጣችሁ ተማሪ አታሳልፉ፣ አትከልክሉም።

ወረቀቱን ስታዩ መጀመሪያ ቀኑን ተመልከቱ። የሚሸፍነው የቀረችበትን ሰኞ ነው ወይስ ከማክሰኞ ይጀምራል? ማክሰኞ ሐኪም ቤት የሄደች ተማሪ ሰኞ ታማ ሊሆን ይችላል፣ ግን ወረቀቱ ያንን ካላለ እናንተ ልትሉ አትችሉም። ማኅተምና ፊርማ መኖሩን እዩ። ጥርጣሬ ካለ ተማሪዋን አታፋጥጡ፣ ማጣራቱን ለተማሪዎች ክሊኒክ ወይም ለዲፓርትመንቱ አስተላልፉ።

እዚህ ላይ ሰው ደጋግሞ የሚወድቅበት አንድ ወጥመድ አለ፦ የቀን አቆጣጠር። የሐኪሙ ወረቀት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፣ አቴንዳንሱ ደግሞ በፈረንጅ ይያዛል። ስትቀይሩ የአንድ ቀን ስህተት በቀላሉ ይገባል። ጥምቀትን አስቡት። ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ይሆናል። በቃል አትቀይሩ፣ የዓመቱን ካሌንደር ክፈቱና ዕለቱን (ሰኞ ነው ማክሰኞ) አመሳክሩ።

## ደረጃ 7፦ ሴሚስተሩ ሳያልቅ አስጠንቅቁ

በ10ኛው ሳምንት አካባቢ አንድ ጊዜ አስሉ። የዚያን ጊዜ ፐርሰንት ግን ለውሳኔ አትጠቀሙበት። 28 ሰዓት ተሰጥቶ አንድ ተማሪ 6 ሰዓት ቀርቷል እንበል። አሁን ያለው 22 ለ28፣ 78.6 ፐርሰንት ነው። ከወለሉ በታች ነው፣ ግን አልወደቀም። የቀሩትን 17 ሰዓቶች በሙሉ ከተገኘ 39 ለ45 ይደርሳል፣ ወለሉን ይሞላል። ለእሱ መባል ያለበት "ከዚህ በኋላ አንድም ሰዓት መቅረት አትችልም" ነው። በጽሑፍ ስጡት፣ ቀን ጻፉበት።

7 ሰዓት የቀረውንም ቢሆን ገና አትሰናበቱት። አንድ የ2 ሰዓት ሜክአፕ ተጨምሮ ጠቅላላው 47 ቢሆን፣ ሌላ ሳይቀር ከተገኘ 40 ለ47፣ 85.1 ይሆናል። ይገባል። ለዚህ ነው የመጨረሻው ውሳኔ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ ብቻ የሚሰጠው። ነገሩ ግን በተቃራኒውም ይሠራል። ሜክአፑን የቀረ ተማሪ ፐርሰንቱ ይወርዳል። ስለዚህ ለሁሉም ያልተነገረ፣ ወይም ከሌላ ኮርስ ጋር የተጋጨ ሜክአፕን መቁጠር ፍትሐዊ አይደለም። ማስታወቂያው የወጣበትን ቀን መዝግቡ።

## ውጤቱ ሲያጠራጥር ምን ይደረግ?

ፐርሰንቱ ከተጠበቀው በታች ወረደ። ሳጥኖቹን ተመልከቱ። ቁጥሩ ወደ ግራ ተጠግቶ ከተቀመጠ ኤክሰል እንደ ጽሑፍ ይዞታል ማለት ነው፣ አይደምረውም። ከሌላ ፋይል ወይም ከቴሌግራም የተገለበጠ ዝርዝር ላይ ይህ ያጋጥማል። ሳጥኖቹን ምረጡና ወደ ቁጥር ቀይሯቸው።

ፐርሰንቱ ከ100 በላይ ሆነ። ለ1 ሰዓት ክፍለ ጊዜ 2 ገብቷል፣ ወይም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሰዓት ተረስቷል።

ሁለት ተማሪ አንድ ስም አላቸው። የአባትና የአያት ስም ጭምር ሊገጥም ይችላል። በመታወቂያ ቁጥር እንጂ በስም አትፈልጉ፣ በስም አትደርድሩ። ስትደረድሩም ሙሉውን ሠንጠረዥ ምረጡ። የስም ዓምድ ብቻ ተደርድሮ ቁጥሮቹ ባሉበት ከቀሩ የሁሉም አቴንዳንስ ለሌላ ሰው ይሄዳል፣ ፎርሙላውም ምንም ስህተት አያሳይም።

ተማሪው ሴክሽን ቀይሯል። የድሮውን ሴክሽን መዝገብ ከመምህሩ ጠይቁ። የሁለቱን የተሰጠ ሰዓት ለብቻ፣ የሁለቱን የተገኘበትን ሰዓት ለብቻ ደምሩና አካፍሉ። የሁለቱን ፐርሰንት ደምሮ ለሁለት ማካፈል ስህተት ነው። ለምሳሌ በመጀመሪያው 6 ለ9 (66.7)፣ በሁለተኛው 33 ለ36 (91.7) ያለው ተማሪ በአማካይ 79.2 ይመስላል። ትክክለኛው ግን 39 ለ45፣ 86.7 ነው።

ፊርማው አጠራጠረ። ወረቀቱ ላይ 52 ፊርማ አለ፣ ክፍሉ ውስጥ ግን 41 ሰው ነበር። ለጓደኛ መፈረም ነው። ይህን ከወር በኋላ ማረም አይቻልም፣ ስለዚህ በየክፍለ ጊዜው ራስ ቆጥራችሁ ከወረቀቱ ግርጌ ቁጥሩን ጻፉ። ካልገጠመ ያኔውኑ ስም ጥሩ። የቆየውን ግን በግምት አትሰርዙ።

ወረቀት ጠፋ። የዚያን ቀን ማንም እንደቀረ ሊቆጠር አይገባም። ዓምዱን አውጡት፣ የተሰጠውን ሰዓትም ቀንሱ። ያወጣችሁበትን ምክንያት ለዲፓርትመንቱ በአንድ መስመር አሳውቁ።

## ደረጃ 8፦ ዝርዝሩን አውጡ

በመጀመሪያ "አልሞላም" ያላቸውን ተማሪዎች አንድ በአንድ ከዋናው ወረቀት ጋር በእጅ አመሳክሩ። ብዙ ጊዜ ከክፍሉ ጥቂቶች ናቸው፣ አይከብድም። የቀሩበትን ቀን ቁጠሩ፣ ከጠቅላላው ቀንሱ፣ ከኤክሰሉ ጋር ይግጠም።

ቀጥሎ ለየተማሪው የቀረባቸውን ቀኖች ዝርዝር በመታወቂያ ቁጥር ብቻ አሳዩ። ሙሉ ስም ከነፐርሰንቱ ቦርድ ላይ አትለጥፉ፣ የሕመም ፈቃድ ያለውንም አብራችሁ ታጋልጣላችሁ። ቅሬታ የሚያቀርቡበት የመጨረሻ ቀን ጻፉ፣ ቀኑም ከፈተናው በፊት ይሁን።

ቅሬታው ካለቀ በኋላ ዝርዝሩን ፈርማችሁ ለዲፓርትመንት ኃላፊው ስጡ፣ ቅጂ አስቀሩ። እንዳይቀመጥ የሚከለክለው መምህሩ ብቻውን ነው ወይስ ዲፓርትመንቱ ያጸድቃል የሚለው በመመሪያው ተጽፏል፣ ያንን ተከተሉ። የማይቀመጠው ተማሪ ግሬዱ ላይ ምን እንደሚሞላም ሬጅስትራርን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት በር ላይ የሚመጣ አዲስ ማስረጃ ካለ እዚያው አትከራከሩ። ጉዳዩ ያልተጣራ ተማሪን ማስፈተንና ወረቀቱን ሳያርሙ ለይቶ ማቆየት በተቋማችሁ የሚፈቀድ ከሆነ እሱ ይሻላል። ኋላ መብት የለውም ከተባለ ወረቀቱ አይታረምም፣ መብት አለው ከተባለ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ሌላ ፈተና ከማውጣት ትድናላችሁ።